የታሪክን ምዕራፍ በአንድ ገጽ፦ የሐሳብ ካርታ ለፈተና ክለሳ

አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በቅርቡ ለታሪክ ፈተና ያዘጋጀውን የሐሳብ ካርታ ይዞ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ካርታው በአምስት ዓይነት ቀለም የተዋበ ሲሆን ርዕሱም የዓድዋ ጦርነት ነበር። በወረቀቱ ላይ የሰፈሩትን ቃላትና ሐረጎች ብንቆጥራቸው ከመቶ ሠላሳ በላይ ሆኑ። ወረቀቱን ገልብጠን ካስቀመጥን በኋላ “የውጫሌ ውል ወደ ጦርነት ያመራው እንዴት ነው?” ስንል ጠየቅነው። ተማሪው ለጥቂት ጊዜ ካሰበ በኋላ “እዚያ በስተቀኝ በኩል በአረንጓዴ ጽፌዋለሁ” አለን። ቃሉ የት እንደተጻፈ ያስታውሳል፤ የተጻፈው ምን እንደሆነ ግን አያስታውስም።

ይህ ተማሪ ሰነፍ አልነበረም። ካርታውን ለመሥራት ሁለት ሙሉ ምሽት እንደፈጀበት ነግሮናል። ስህተቱ ሁለት ነበር፦ ካርታው ከልክ በላይ ጥልቅ ነበር፤ የተሠራውም መጽሐፉ ፊት ለፊት ተከፍቶ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንኑ ምዕራፍ ይዘን ካርታውን ከመጀመሪያው እንደገና እንሠራለን። በቅድሚያ ግን የምንመራበትን አንድ መለኪያ እናስቀምጥ፦ ለክለሳ የሚጠቅም የሐሳብ ካርታ ማለት መጽሐፉ ተዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ ከትዝታ እንደገና ሊሣል የሚችል ካርታ ነው። ስለ ቅርንጫፍ፣ ስለ ቁልፍ ቃልና ስለ ጥልቀት የምንናገረው ሁሉ ከዚህ መለኪያ የሚመነጭ ነው።

የጥልቀት ሒሳብ

የሐሳብ ካርታ በቅርጹ ዛፍ ነው። በመካከል ግንዱ ይቀመጣል፤ ከግንዱ ዋና ዋና ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ንዑስ ቅርንጫፎች፣ ከእነርሱም ቅጠሎች ይወጣሉ። ዋናዎቹን ቅርንጫፎች አንደኛ እርከን፣ ንዑሶቹን ሁለተኛ፣ ቅጠሎቹን ሦስተኛ እርከን ብለን እንጥራቸው።

አምስት ዋና ቅርንጫፎች ቢኖሩን፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ንዑስ ቅርንጫፍ ቢያወጡ፣ እያንዳንዱም ንዑስ ቅርንጫፍ ሁለት ቅጠል ቢኖረው፣ በካርታው ላይ 5 + 15 + 30 = 50 ቃላት ይኖራሉ። አሁን “ትንሽ ብቻ ልጨምር” ብለን በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ሁለት ዝርዝር ብናክል ሌላ 60 ቃል ይጨመርና ድምሩ 110 ይደርሳል። ስለዚህ አንድ እርከን ማከል ካርታውን በጥቂቱ አያሳድገውም፤ ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። የተማሪያችን ካርታ ከመቶ ሠላሳ በላይ ቃላት የተሸከመው በዚሁ ምክንያት ነው። ሃምሳ ቃላትን በሥርዓት ከተደረደሩ ከትዝታ መሣል ይቻላል፤ መቶ ሠላሳን ግን እንደገና ለመሣል የሚሞክርም አይገኝም።

ስለሆነም በሦስት እርከን እንወሰን። የዋና ቅርንጫፎቹም ቁጥር ከአምስት ባይበልጥ ይመረጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ሰው በአንድ አፍታ በአእምሮው ይዞ ሊያገላብጣቸው የሚችላቸው ነገሮች ከሦስት እስከ አምስት ገደማ ናቸው። ተማሪው በፈተና ጊዜ መላውን ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ሊያስብ አይችልም፤ አምስቱን ቅርንጫፎች ግን ሊያስብና ከዚያ ወደሚፈልገው ሊወርድ ይችላል።

በመካከል ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ

አብዛኛው ተማሪ በወረቀቱ መካከል “የዓድዋ ጦርነት” ብሎ ይጀምራል። ርዕስ ብቻውን ግን ድንበር የለውም፤ ስለ ዓድዋ የሚነገር ነገር ሁሉ ሊገባበት ይችላል። በምትኩ “ዓድዋ ለምን ሆነ፣ ምንስ አስከተለ?” ብለን እንጻፍ። አሁን ወደ ካርታው ሊገባ የሚፈልግን መረጃ ሁሉ “አንተ ከጥያቄው የትኛውን ትመልሳለህ?” ብለን መጠየቅ እንችላለን። መልስ የሌለው ከወረቀቱ ውጭ ይቀራል።

ከጥያቄው አምስት ዋና ቅርንጫፎች ይወጣሉ፦ መነሻ፣ ውጫሌ፣ ዝግጅት፣ ውጊያ፣ ውጤት። ከላይ በስተቀኝ ጀምረን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ብናስቀምጣቸው የጊዜ ቅደም ተከተላቸው በራሱ ይጠበቃል። የዛፍ ቅርጽ ጊዜን የማሳየት ባሕርይ ስለሌለው፣ በታሪክ ትምህርት ይህን ዙር ማክበር ግዴታ ነው።

ቁልፍ ቃል የቱ ነው?

በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ቃል፣ ቢበዛ ሁለት ቃል ብቻ ይጻፋል። ዓረፍተ ነገር የምንጽፍ ከሆነ ካርታው መጽሐፉን መልሶ ይገለብጣል፤ አእምሮም የሚያስታውሰው ነገር አይቀርለትም። ቃሉ ግን እንዴት ይመረጣል? ሁለት ፈተናዎች አሉት።

አንደኛው ፈተና፣ ቃሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ ሊዛወር ይችላል ወይ የሚል ነው። የተማሪያችን ካርታ “ኢኮኖሚያዊ ምክንያት” የሚል ቅርንጫፍ ነበረው። ይህ ሐረግ ስለ ፈረንሳይ አብዮትም ሆነ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት በሚሠራ ካርታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ ምንም አያስታውስም። “ስዊዝ” ግን አይዛወርም። የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ሲከፈት ቀይ ባሕር ከአውሮፓ ወደ እስያ የሚያሻግር ዋና የመርከብ መንገድ ሆነ፤ በዚያው ዓመት አንድ የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ገዛ። ኢኮኖሚያዊው ምክንያት በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ተጠቅልሏል። እርግጥ ነው፣ “መነሻ” እና “ውጤት” የሚሉት የአንደኛው እርከን ቃላት ለማንኛውም ምዕራፍ ይሆናሉ፤ እነርሱ መደርደሪያ ናቸውና አያስቸግሩም። ከዚያ በታች ያሉት ቃላት ግን የምዕራፉ ብቻ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛው ፈተና፣ ቃሉን አይተን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ጮክ ብለን መናገር መቻላችን ነው። ለምሳሌ በ“ውጫሌ” ሥር “አንቀጽ 17” ብለን ጽፈን ሁለት ቅጠሎች ብቻ እንስጠው፦ “ይቻላል” እና “ይገባል”። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የአማርኛው ቅጂ፣ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣሊያን መንግሥት አጋዥ አድርገው መጠቀም ይቻላቸዋል የሚል መልእክት ነበረው። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው፤ ኢጣሊያም በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ሁለቱ ቅጠሎች ይህን ሁሉ ይሸከማሉ፤ ምክንያቱም የጠቡ ፍሬ ነገር ራሱ በሁለት ቃላት መካከል ያለ ልዩነት ነበር። ቃሉን አይተን ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተን፣ ወይ ቃሉ በደንብ አልተመረጠም ወይ ትምህርቱ አልገባንም፤ በሁለቱም መንገድ ወደ መጽሐፉ መመለስ አለብን።

ካርታው ሲሞላ

በዚህ መንገድ የተሠራው ካርታ በጽሑፍ ሲዘረዘር የሚከተለውን ይመስላል። በቅንፍ ያሉት የሦስተኛው እርከን ቅጠሎች ናቸው።

1. መነሻ፦ ቀይ ባሕር (ስዊዝ፣ ምጽዋ)፤ በርሊን፤ ክፉ ቀን (ከብት)
2. ውጫሌ፦ አንቀጽ 17 (ይቻላል፣ ይገባል)፤ ደብዳቤ፤ ስረዛ
3. ዝግጅት፦ ክተት (ወረኢሉ)፤ ጠመንጃ፤ ስንቅ
4. ውጊያ፦ አምባላጌ፤ መቀሌ (ውኃ)፤ ዓድዋ (ኮረብታ፣ ክፍተት)
5. ውጤት፦ ውል፤ ሌጋሲዮን፤ መረብ

ዋና ቅርንጫፎቹ 5፣ ንዑሶቹ 15፣ ቅጠሎቹ 9 ናቸው፤ ድምሩ 29 ነው። ሃምሳ ልንደርስ የምንችል ብንሆንም ቅጠል የሰጠነው ለሚያስፈልገው ብቻ ነው። “ደብዳቤ” ቅጠል አላስፈለገውም፦ ዐፄ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጽፈው በ1882 ዓ.ም. መልስ ሲመጣላቸው፣ እንግሊዝና ጀርመን ጉዳያቸው በኢጣሊያ በኩል እንዲያልፍ መፈለጋቸውን አወቁ፤ የአንቀጽ 17 ምስጢር የተገለጠው በዚህ ነው። “ስረዛ”ም እንዲሁ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መሻሩን ብቻ ያስታውሳል።

ምን ምን እንዳስቀረንም መናገር ያሻል። የተማሪያችን ካርታ የኢጣሊያን ጄኔራሎች ስም፣ የመድፎቹን ቁጥርና የእያንዳንዱን የጦር አለቃ ስም ይዞ ነበር። እኛ እነዚህን ትተን “ኮረብታ” የሚለውን ትንሽ የሚመስል ዝርዝር አስቀርተናል። ለምን? የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጋት ላይ የኢጣሊያ ጦር በሦስት ብርጌድ ተከፍሎ፣ አንድ ተጠባባቂ ብርጌድ አስከትሎ ይጓዝ ነበር። አዛዡ ጄኔራል ባራቲየሪ ለበታቾቹ በሰጠው ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተሰየመው ኮረብታ፣ የአገሬው ሰው በዚህ ስም ከሚያውቀው ቦታ ጋር አንድ አልነበረም። የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ወደ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ሲገሰግስ ከሌሎቹ ብዙ ርቆ ወደ ፊት ወጣ፤ በብርጌዶቹ መካከልም ክፍተት ተፈጠረ፤ የኢትዮጵያ ሠራዊትም እያንዳንዱን ብርጌድ ለየብቻው ለመግጠም ቻለ። እንግዲህ “ኮረብታ” የ“ክፍተት” ምክንያት፣ “ክፍተት”ም ከድሉ ምክንያቶች አንዱ ነው። የመድፎቹ ቁጥር ግን በመካከል ላስቀመጥነው ጥያቄ ብቻውን መልስ አይሆንም። አንድ ዝርዝር የሚቀረውም የሚወጣውም በዚህ ሚዛን ነው፦ ምክንያት ወይም ውጤት የሆነ ይቀራል፤ መግለጫ ብቻ የሆነ ይወጣል።

መምህሩ በውጊያው ዝርዝር ላይ ብዙ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ አራተኛ እርከን መጨመር አያስፈልግም። “ዓድዋ” የሚለውን ቃል በአዲስ ወረቀት መካከል አስቀምጦ ሌላ ባለ ሦስት እርከን ካርታ መሥራት ይሻላል። ያን ጊዜ የጄኔራሎቹና የጦር አለቆቹ ስም በተገቢው ቦታ ይገባል።

ዛፍ የማያሳየው፦ ተሻጋሪ ቀስቶች

ዛፍ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። እያንዳንዱ ቅጠል የሚገናኘው ከራሱ ቅርንጫፍ ጋር ብቻ ነው፤ በታሪክ ግን በአንዱ ቅርንጫፍ ያለ ነገር በሌላው ቅርንጫፍ ላለ ነገር መንስኤ ይሆናል። ይህን ለማሳየት ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚሻገሩ የተቆራረጡ ቀስቶችን እንሥላለን። ቀስት ሲበዛ ካርታው የሸረሪት ድር ስለሚመስል ሦስት ብቻ እንምረጥ።

የመጀመሪያው ከ“ምጽዋ” ወደ “ክፉ ቀን” የሚሄድ ነው። ኢጣሊያ ምጽዋን በ1877 ዓ.ም. ያዘች። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱን ያጠቃው ታላቅ ረሀብ መነሻው የከብት እልቂት ሲሆን፣ በሽታው በዚያው በኩል ለኢጣሊያ ጦር ከመጡ ከብቶች እንደተዛመተ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ሁለተኛው ከ“ውጫሌ” ወደ “ጠመንጃ” ነው፤ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር በወዳጅነት በቆዩባቸው ዓመታት ያገኙት መሣሪያ በኋላ በዓድዋ በራሷ በኢጣሊያ ላይ ዋለ። ሦስተኛው ከ“ስንቅ” ወደ “ዓድዋ” ነው። በየካቲት ወር ሁለቱም ወገኖች ስንቅ እያለቀባቸው ነበር። ባራቲየሪ ከሮም የሚደርስበት ግፊት ተጨምሮበት መቆየትም መመለስም አስቸጋሪ ስለሆነበት ወደ ፊት መጓዝን መረጠ። ውጊያው ለምን በዚያ ሰሞን እንደተደረገ የሚያስረዳው ይህ ቀስት ነው።

“አብራሩ” ወይም “ግንኙነቱን አሳዩ” የሚሉ የፈተና ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ቅጠሎቹን ሳይሆን ቀስቶቹን ነው። ስለዚህ ቀስት የሌለው ካርታ ለምርጫ ጥያቄ ቢያገለግልም ለድርሰት ጥያቄ ብዙ አይረዳም።

የሁለት ዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

ዓመተ ምሕረትን በተመለከተ ካርታችን ስድስት ዓመታትን ብቻ ይይዛል፦ 1862 (ስዊዝ)፣ 1877 (ምጽዋና በርሊን)፣ 1881 (ውጫሌ)፣ 1885 (ስረዛ)፣ 1888 (ውጊያ)፣ 1889 (የአዲስ አበባ ውል)። እነዚህ በትንንሽ አኃዝ ከቃላቱ ጎን ይጻፋሉ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። አንዳንዱ መጽሐፍ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል። የውጫሌ ውል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፤ ይህንኑ ውል የሻረውና የኢትዮጵያን ነፃነት ያረጋገጠው የአዲስ አበባ ውል ደግሞ የተፈረመው በ1889 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ካርታ ላይ የቀላቀለ ተማሪ፣ ጠቡን የጫረው ውልና ጠቡን የዘጋው ውል በአንድ ዓመት የተፈረሙ ይመስሉታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በወረቀቱ ጥግ ላይ የመረጥነውን አቆጣጠር ጽፈን፣ ከመጽሐፉ የምናገኘውን ሁሉ ወደዚያ ለውጠን ማስገባት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው ጊዜ ልዩነቱ በአብዛኛው 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑንም አንርሳ። የየካቲቱ ዓድዋ 1888 ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. 1896 የሆነው፣ የጥቅምቱ የአዲስ አበባ ውል ደግሞ 1889 ዓ.ም. እና ያው እ.ኤ.አ. 1896 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መጽሐፉን መዝጋት

እስከዚህ የደረስነው ገና ግማሹን መንገድ ነው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካርፒክና ብለንት እ.ኤ.አ. በ2011 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ አንዱ የተማሪዎች ቡድን ጽሑፉን ፊት ለፊቱ ይዞ የጽንሰ ሐሳብ ካርታ ሠራ፤ ሌላው ጽሑፉን አንብቦ ካስቀመጠ በኋላ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና የተሻለ ውጤት ያመጣው ከትዝታው የጻፈው ቡድን ነበር። የጽንሰ ሐሳብ ካርታ ከእኛው የሐሳብ ካርታ በቅርጹ ይለያል፤ የሁለቱም ችግር ግን አንድ ነው። ጽሑፉ ከተከፈተ እጅ ይሠራል፤ ትዝታ ያርፋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ካርታው ጽሑፉ ተዘግቶ ሲሣል ጥቅሙ ከትዝታ ከመጻፍ እንደማያንስ አሳይተዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ካርታ መጽሐፉን እያየን ከሠራን በኋላ፣ በማግስቱ ባዶ ወረቀት ወስደን ምንም ሳናይ እንደገና እንሣለው። ሃያ ዘጠኙ ቃላት አሥር ደቂቃ ያህል ቢወስዱ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ካርታ አውጥተን የጎደለውን በቀይ እስክርቢቶ እንሙላ። ቀዩ ቀለም ለጌጥ አይደለም፤ ቀጥሎ ምን ማንበብ እንዳለብን የሚነግረን እሱ ነው። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ፣ ቀጥሎም ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ደግመን ብንሥለው የቀዩ ቁጥር እየቀነሰ መሄዱን እንመለከታለን። ሳይቀንስ ከቀረ ጥፋቱን በካርታው እንፈልግ። አንድ ቃል በተደጋጋሚ የሚረሳ ከሆነ በመጥፎ ቦታ የተቀመጠ ወይም ከአጠገቡ ካለው ጋር በምክንያት ያልተያያዘ ነው። አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ያ ክፍል ተገልብጧል እንጂ አልተነበበም።

በዚህ መንገድ የተሣለ ካርታም ቢሆን የማይሠራው ሥራ አለ። ትክክለኛነቱን ራሱ አይመሰክርም፤ በመጀመሪያው ካርታ ላይ በስህተት የገባ ቃል በእያንዳንዱ ድግግሞሽ እየጠነከረ ይሄዳል። ባራቲየሪን ያሳተው በንድፉ ላይ የሰፈረ አንድ ስም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ካርታ ከመደገሙ በፊት ቃል በቃል ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር መመሳከር አለበት። እንዲሁም የታሪክ ምንጭን አንብቦ መመዘን የሚጠይቅ ፈተና በካርታ ብቻ አይመለስም።

ያ ተማሪ ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። አሮጌውን ካርታ አላመጣውም። ባዶ ወረቀት ሰጥተነው በመካከሉ ጥያቄውን ጻፈና ሃያ ስድስት ቃላት አሰፈረ፤ የጎደሉት በርሊን፣ ወረኢሉና መረብ ነበሩ። ውጫሌ እንዴት ወደ ጦርነት እንዳመራ ስንጠይቀው ወረቀቱን ሳያይ “ይቻላል ያልነውን ይገባል ብለው አነበቡት” ሲል ጀመረ፤ ደብዳቤውን አስከተለ፤ በስረዛው ጨረሰ።